ጎረቤት ሲረብሽ ለአከራይ እንዴት አቤት ይባላል?

ለአከራይ የሚቀርብ የጩኸት አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ተከራዩ ስለ ድምፁ ትቶ ስለ ሰውየው ስለሚያወራ ነው። «ባለጌ ነው፣ ሰው አያከብርም፣ ማታ ማታ ጠጥቶ ነው የሚገባው» ይላል። አከራይዋ ግን ልጁን የሚያውቁት ኪራዩን በቀኑ ሲከፍልና በር ላይ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲላቸው ነው። ስለዚህ ወይ አያምኑም፣ ወይ ያምኑና ምን እንደሚያደርጉ ግራ ይገባቸዋል። «እስቲ ተስማሙ እንጂ፣ አንድ ግቢ አይደላችሁ?» ብለው ይሸኛሉ። ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

እዚህ የምጽፈው ሌላ ዓይነት አቤቱታ ስለማቅረብ ነው። አከራይዋ ሰምተው፣ ተነስተው፣ የሆነ ነገር የሚያደርጉበት ዓይነት። ነገሩን ለማስረዳት የአንዲት የማውቃት ነርስ ጉዳይ ይዤ እሄዳለሁ። ጀሞ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩ አራት ሰርቪስ ቤቶች አሉ። እሷ ሁለተኛው ውስጥ ናት። ሦስተኛው ውስጥ አንድ ወጣት አለ፣ ትልቅ ስፒከር ያለው። አከራይዋ ዋናው ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቆጣሪው የጋራ ነው። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ተኳርፎ መኖር ከጩኸቱ የባሰ ጣጣ ስላለው፣ ከታች ያለው አካሄድ ሁሉ ይህን ታሳቢ ያደረገ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ በየት እንደሚመጣ እወቁ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው፤ ምክንያቱም አከራይዋን የምትጠይቁት ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው።

ማታ ድምፁ ሲጀምር መብራት አጥፍታችሁ ዝም በሉ። አንድ ጆሯችሁን ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ከዚያ ወንበር ላይ ቁሙና ወደ ኮርኒሱ ተጠጉ። ከዚያ ደግሞ በሩ ጋ ሂዱ። የትኛው ጋ ይበልጥ እንደሚሰማ ትለያላችሁ።

በሰርቪስ ቤቶች ላይ አንድ የተለመደ ጉድ አለ። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው የብሎኬት ግድግዳ ብዙ ጊዜ እስከ ቆርቆሮው አይደርስም። ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ባዶ ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከፈተ ነው። ጎረቤት በስልክ ሲያወራ ቃል በቃል የምትሰሙት ለዚህ ነው። ወሬውና የዘፈኑ ግጥም የሚመጣው ከላይ ነው ማለት ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ያለች ስስ ቺፑድ እንዲህ ያለውን ድምፅ አትመልስም።

«ዱም ዱም» የሚለው ቤዝ ግን ሌላ ነው። እሱ የሚመጣው በራሱ በግድግዳውና በወለሉ ነው። ስፒከሩ መሬት ላይ ከተቀመጠ፣ በተለይ ደግሞ ከጋራው ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ፣ ግድግዳው ራሱ ሌላ ስፒከር ይሆናል። ይህን በጆሮ ሳይሆን በእጅ መለየት ይቻላል። መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ። ከተንቀጠቀጠ መንገዱ ይኼው ነው።

ሦስተኛው የበርና የመስኮት ድምፅ ነው። ግቢ ውስጥ ቆሞ ማውራት፣ ሞተር ማስነሳት፣ ሌሊት የውጭውን በር በኃይል መዝጋት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ከሁሉም የቀለለ ነው። የብረት በር ከሆነ ማቆሚያው ላይ የተቆረጠ የመኪና ካለመዳሪ መለጠፍ ብቻ ግማሹን ችግር ይፈታል።

ነርሷ ስትፈትሽ ያገኘችው ቤዙ ከግድግዳው፣ ግጥሙ ከኮርኒሱ በላይ እንደሚመጣ ነው። ሁለት የተለያየ ችግር ነው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

አንድ ነገር ደግሞ ለይታችሁ አስቀምጡ። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ የበዓል ዋዜማ አቤት አይባልበትም። የሕፃን ለቅሶም እንዲሁ። ከግቢው ውጭ ያለ የድምፅ ማጉያም የአከራይዋ ጉዳይ አይደለም። እነዚህን ከአቤቱታው ጋር ከቀላቀላችሁ «ይህቺ ሰው ነገር ወዳድ ናት» ትባላላችሁ፣ እውነተኛው ችግርም አብሮ ይጣላል።

ከጎረቤቱ ጋር አንድ ጊዜ ተነጋገሩ

ለአከራይ ስትናገሩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለእሱስ ነግረሽው ታውቂያለሽ?» የሚል ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ ወሬው አለቀ። ስለዚህ ንግግሩ ለሰላምም ለአቤቱታውም ያስፈልጋል።

ሌሊት እየጮኸ እያለ በሩን አታንኳኩ። እሱ ሞቅ ብሎታል፣ እናንተ ተናዳችኋል፣ ምናልባትም ጓደኞቹ አሉ። ሰው ፊት የተነገረው ወጣት «እሺ» ማለት ይከብደዋል። በማግስቱ ቧንቧው ጋ ወይም ልብስ ሲያሰጣ አግኙት። አጭር ይሁን። ነርሷ ያለችው ይህን ያህል ነው፦

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ግድግዳችን አንድ ነው መሰለኝ፣ ማታ ቤዙ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። እኔ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሥራ እገባለሁ። ከ4 ሰዓት በኋላ ትንሽ ብትቀንስልኝ?»

«ውይ እህቴ፣ እኔ እኮ የሚሰማሽ አልመሰለኝም» አላት። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እሱ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው ሙዚቃ ነው፤ ግድግዳው ወዲያ ማዶ ምን እንደሚሰማ አያውቅም። ለአምስት ቀን ያህል ቀነሰ። ከዚያ ጓደኞቹ መጡና ነገሩ ወደነበረበት ተመለሰ።

የተነጋገራችሁበትን ቀን ጻፉት። ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ሁለት ሳምንት መዝግቡ

ንዴት ሲያስታውስ «ሁልጊዜ» ይላል። «ሁልጊዜ ነው የሚጮኸው» ስትሉ አከራይዋ «ትናንት እኮ ጸጥ ብሎ ነበር» ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ስለዚህ ደብተር ያዙ። አንድ መስመር ለአንድ ሌሊት በቂ ነው። ቀኑ፣ የጀመረበት ሰዓት፣ ያቆመበት ሰዓት፣ የድምፁ ዓይነት፣ ምን እንዳደረገባችሁ። የነርሷ ደብተር እንዲህ ነበር፦

«ሐሙስ ጥቅምት 28። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 7 ከሩብ። ቤዝ። የድስት ክዳን መደርደሪያው ላይ ይንጣጣል። 3 ሰዓት ብቻ ተኝቼ ሥራ ገባሁ።»

«ቅዳሜ ጥቅምት 30። ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት። ኳስ፣ ጩኸት። 5 ሰዓት ላይ አቆመ።»

ሁለተኛውን መስመር አስተውሉ። የጎረቤቱን ደግ ጎን ይመዘግባል። ጸጥ ያለበትንም ሌሊት «ጸጥ» ብላችሁ ጻፉ። ከ14 ሌሊት 7ቱ ብቻ መሆኑን የሚያሳይ ደብተር «በየቀኑ» ከሚል እሮሮ ይልቅ ይታመናል።

ስለ ቀረጻ። ብዙ ሰው በስልኩ ድምፁን ይቀዳና ለአከራይ ያሰማል። ቅጂው ላይ ግን ምንም የለም። የስልክ ማይክ ቤዝ በደንብ አይዝም፤ የስልኩ ትንሽ ስፒከርም ቤዝ አያወጣም። አከራይዋ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው «ምኑ ነው ይሄ?» ይላሉ። እናንተም ትዋሻላችሁ ትባላላችሁ። በዚህ ፋንታ ቪዲዮ አንሱ። የሚንጣጣውን ክዳን፣ የሚንቀጠቀጠውን የመስኮት መስታወት፣ ከጎኑ ደግሞ የግድግዳ ሰዓቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ። ሰላሳ ሰከንድ ይበቃል። ቀረጻው በራሳችሁ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ይሁን። የጎረቤቱን የግል ወሬ ወይም እንግዶቹን መቅረጽ ግን አይገባም። እሱ ሌላ ጠብ ነው።

ስልክ ላይ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያዎች አሉ። በኢትዮጵያ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የስልኩ ቁጥር ግን ለክርክር አይሆንም። ስልኩ የተመሰከረለት መሣሪያ አይደለም፣ ለቤዝ ደግሞ ከነጭራሹ ደካማ ነው። ለራሳችሁ ማነጻጸሪያ ተጠቀሙበት እንጂ ደብዳቤው ላይ አታስገቡት።

ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ

ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ስለ ጸጥታና ስለ ጎረቤት ሰላም የሚል አንቀጽ አለ ወይ? በብዙ የኪራይ ውል ላይ «ተከራይ የግቢውን ሰላም ለመጠበቅ ተስማምቷል» የሚል መስመር ይኖራል። እናንተ ውል ላይ ካለ የጎረቤታችሁም ላይ መኖሩ አይቀርም፤ አከራይ ብዙ ጊዜ አንዱን ቅጽ ነው የሚያባዙት። ያን መስመር መጥቀስ ለአከራይዋ መያዣ ይሰጣቸዋል። «እሷ ከሰሰችህ» ሳይሆን «የፈረምከው ነው» ብለው መናገር ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ውላችሁ የተጻፈና የተመዘገበ ነው ወይ? የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ይህ ለምን እዚህ ገባ? ብዙ ተከራይ አቤት የማይለው «ካልተመቸሽ ልቀቂ» እንዳይባል ፈርቶ ነው። ውሉ የተመዘገበ ከሆነ አከራይ ሕጉ ካስቀመጣቸው ምክንያቶች ውጪ፣ አቤት ስላላችሁ ብቻ፣ በመሃል ሊያስወጣችሁ አይችልም። ውሉ በቃል ብቻ ከሆነ ግን አቋማችሁ የላላ ነው። እንዲያ ከሆነ ደብዳቤውን ትንሽ ለስለስ አድርጉት፣ ምዝገባውንም በዚሁ አጋጣሚ አንሱት።

ሌላም አንድ ሕግ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና በሚያልፍ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ ወይም መንቀጥቀጥ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። የአካባቢውን ልማድም ከግምት ያስገባል። የተጻፈው በዋናነት ለባለንብረት ጎረቤታሞች ነው። ለአከራይዋ ደብዳቤ ላይ ግን ቁጥር አትጥቀሱ። የሕግ ቁጥር ያለበት ደብዳቤ ክስ ይመስላል፣ እሳቸውም ወዲያው ጠበቃ የሆነ ዘመድ ይደውላሉ።

አከራይዋ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን መልሱ። «እባክዎ መፍትሔ ይፈልጉልኝ» የሚል አቤቱታ ሸክሙን አሽከርክሮ እሳቸው ላይ ይጥላል። እሳቸው ደግሞ የሚያውቁት ሁለት መፍትሔ ብቻ ነው፦ መቆጣት ወይም ማስወጣት። መቆጣቱ ለሦስት ቀን ይሠራል። ማስወጣቱን አይፈልጉም፤ ኪራይ ነው። እሱም ቢሆን ውል አለው።

ቀለል ያሉ ነገሮች አሉ። ስፒከሩ ከጋራው ግድግዳ ተነስቶ ወደ ማዶ እንዲዞር ማድረግ ይቻላል። ከመሬት ተነስቶ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ቢቀመጥ በወለሉ የሚያልፈው ቤዝ ይቀንሳል። ለግቢው ሁሉ አንድ የጸጥታ ሰዓት መወሰን ይቻላል። ይህኛው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሕጉ የሁሉም ስለሚሆን ማንም ተለይቶ አልተወቀሰም።

ትንሽ ወጪ ያለው ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ክፍተት በብሎኬት መድፈን ነው። ለአንድ የአራት ሜትር ግድግዳ ሦስት አራት መደዳ ብሎኬትና አንድ ሁለት ቀን የግንበኛ ሥራ ነው። ወሬውንና ግጥሙን በደንብ ያፍናል፤ ለቤዙ ግን ብዙ አይፈይድም። ይህን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አለዚያ ወጪ አውጥተው ቤዙ ሲቀር «አጭበረበርሽኝ» ይባላል። ሥራው ለቤቱም ዋጋ እንደሚጨምር መጥቀስ አይከፋም። ጭስም አይጥም ከክፍል ክፍል የሚተላለፈው በዚያው ክፍተት ነው።

የክፍል መለዋወጥም አለ። ከአራቱ ዳር ያለው ክፍል ሲለቀቅ ስፒከር ያለው ሰው እዚያ ቢገባ የሚነካው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ኪራይ በምትከፍሉበት ቀን አታንሱት። ገንዘብ እያቀበላችሁ ስታማርሩ ማስፈራሪያ ይመስላል። ጎረቤታችሁ ግቢ ውስጥ እያለ በር ላይ ቆማችሁም አይሆንም። ግድግዳው የማይደብቀውን ግቢው አይደብቀውም።

ነርሷ እሑድ ከሰዓት፣ ቡና ሲፈላ ገባች። መጀመሪያ በቃል ነገረቻቸው፣ ከዚያ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ይህ ቅደም ተከተል ዋጋ አለው። ድንገት ደብዳቤ የሚደርሳቸው እናት የተከሰሱ ይመስላቸዋል። «እትዬ፣ እንዳልረሳው ብዬ በጽሑፍም አድርጌዋለሁ» ሲባል ግን ወረቀቱ ማስታወሻ ይሆናል።

በቃል ማለቅ ለምን አይበቃም? አንደኛ፣ የቃል ንግግር ሲተላለፍ ይቀየራል። «ከ4 ሰዓት በኋላ ይቀንስ» ያላችሁት ልጁ ጋ ሲደርስ «ሙዚቃህን አቁም ብላሃለች» ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከሁለት ወር በኋላ ነገሩ ቢብስ መቼ እንደተናገራችሁ የሚያሳይ ነገር አይኖርም።

አከራይዋ ወይም አከራዩ ውጭ አገር ከሆኑ መንገዱ ትንሽ ይለያል። ዲሲ ወይም ዱባይ ያለ ባለቤት ግቢውን የሚያይበት ዓይን ወኪሉ ነው፤ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ አንዳንዴም ዘበኛው። ወኪሉን ዘላችሁ በቀጥታ ለባለቤቱ በቴሌግራም ከጻፋችሁ ወኪሉ ይቀየማል፣ ጠላትም ታተርፋላችሁ። መጀመሪያ ለወኪሉ ስጡ። ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ «ለወንድምዎ ነግሬ ነበር፣ እሳቸውም ይጨነቃሉ» ብላችሁ ለባለቤቱ ላኩ።

ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ቅርጹ የታወቀው ነው፦ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ፍሬ ነገሩ፣ ጥያቄው፣ ስምና ፊርማ። ነርሷ የጻፈችው፣ ስሙን አውጥቼ፣ ይህ ነው፦

> ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለወ/ሮ ____________
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ የሌሊት የሙዚቃ ድምፅ እንዲቀነስልኝ ስለመጠየቅ
>
> እኔ በግቢዎ ውስጥ ሁለተኛውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ የምኖር ነኝ። ከሦስተኛው ክፍል ሌሊት የሚመጣው የሙዚቃ ድምፅ እንቅልፍ ስለነሳኝ ይህን ማመልከቻ ጽፌያለሁ።
>
> ከጥቅምት 24 እስከ ኅዳር 7 ባሉት 14 ሌሊቶች፣ በ7ቱ ድምፁ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቀጥሏል። ከእነዚህ በ3ቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል። የቀኑና የሰዓቱ ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሥራ የምገባ በመሆኑ በቂ እንቅልፍ አላገኝም።
>
> ጥቅምት 18 ቀን ከጎረቤቴ ጋር በሰላም ተነጋግረን ለጥቂት ቀናት ቀንሶልኝ ነበር። ስለዚህ አመሰግነዋለሁ። ኋላ ግን ተመልሷል። ከእሱ ጋር ሌላ ቅሬታ የለኝም።
>
> ስለዚህ፦
> 1. ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ለግቢው ሁሉ የጸጥታ ሰዓት እንዲወስኑልን፤
> 2. ስፒከሩ ከጋራው ግድግዳና ከመሬቱ ተነስቶ በሌላው በኩል እንዲቀመጥ እንዲነግሩልኝ፤
> 3. ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ክፍተት እንዲያዩልኝ
>
> በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሲመችዎ ማታ ወደ ክፍሌ መጥተው ቢያዳምጡ ደስ ይለኛል። እስከ ኅዳር 22 ምላሽዎን ብሰማ አመሰግናለሁ።
>
> ስምና ፊርማ ____________

አንዳንድ ነገሮች ልብ በሉ። የጎረቤቱ ስም የለም፤ «ሦስተኛው ክፍል» ብቻ ነው። ወረቀቱ እጁ ውስጥ ቢገባ እንኳ የሚያስከፋው ቃል አያገኝም። እንዲያውም ሁልጊዜ እሱ እንደሚያነበው አድርጋችሁ ጻፉ፣ ብዙ ጊዜ ያነበዋልና። «አመሰግነዋለሁ» የሚለው ቃል ለይሉኝታ የገባ አይደለም። መቀነስ እንደሚችል ማስረጃ ነው። ቀነ ገደቡ ሁለት ሳምንት ነው፤ ቃሉ ግን ትእዛዝ አይመስልም።

ያልገባው ነገርም አለ። «ካልሆነ ኪራይ አልከፍልም» አልተባለም። ይህን በፍጹም አትጻፉ፣ አታድርጉም። ኪራይ ያቋረጠ ተከራይ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል፤ ስለ ጩኸቱ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም።

ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ስጡ፣ ሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙ ጠይቁ። መፈረም ከከበዳቸው አታስጨንቁ። ማታውኑ «እትዬ፣ ዛሬ የሰጠሁዎት ወረቀት ፎቶው ይኸው፣ ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ» ብላችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። የተላከበት ቀን እዚያ ላይ ይቀራል።

መጥተው ያዳምጡ

ከሁሉም የሠራው ይህ ነው። አከራይዋ የሚኖሩት ከዋናው ቤት ወዲያ ማዶ ስለሆነ በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልሰሙትም ነበር። አንድ ሐሙስ ማታ 5 ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ጣል አድርገው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት። «እህ… ይኼማ ልብ ያደክማል» አሉ።

እንዲመጡ ስትጠይቁ አስቀድማችሁ ለጎረቤት አይነገር። ወጥመድ እንዳይመስል ግን ወዲያው ሄደው እንዳይቆጡት ለምኗቸው። በማግስቱ ቀን ቢነጋገሩ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ምን ይበላሻል?

አንዱ የተለመደ ነገር አከራይዋ «እንትና ከሳሃለች» ብለው መናገራቸው ነው። ይህ ሲሆን ምልክቱ ወዲያው ይታያል፤ ሰላምታ ይቀራል፣ ቧንቧ ጋ ይዘጋባችኋል፣ አንዳንዴም ድምፁ ሆን ተብሎ ይጨምራል። ያኔ በእልህ ሌላ ስፒከር አትግዙ። ቀድማችሁ ሂዱና «ለእትዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ስለ ግድግዳው ነው፣ ካንተ ጋር ምንም የለኝም» በሉት። ተደብቆ የተነገረ ነገር ነው የሚያስቆጣው።

ሌላው፣ ጎረቤቱ የአከራይዋ ዘመድ ሲሆን ነው። ያኔ ጥያቄ ቁጥር ሁለትና ሦስት ላይ አተኩሩ። «ዝም አሰኙት» ሲባሉ የሚከላከሉለት ሰው «ስፒከሩን ወዲያ አዙርለት» ሲባሉ አያቅታቸውም።

አንዳንዴ ደግሞ ድምፁ ይቀንሳል ግን ቤዙ ይቀራል። ልጁ ቮሊዩም ቀንሶ የቤዙን ቁልፍ አልነካውም ማለት ነው። አመስግናችሁ ይህቺን ብቻ ጠይቁት። የነርሷ ጉዳይ የመጨረሻው ችግር ይህ ነበር፣ በአንድ ደቂቃ አለቀ። አከራይዋ የጸጥታ ሰዓቱን ለአራቱም ክፍል ነገሩ፣ ስፒከሩ ስፖንጅ ላይ ወጥቶ ዞረ። የኮርኒሱ ክፍተት እስካሁን አልተደፈነም፤ «ከፋሲካ በኋላ» እየተባለ ነው። ግጥሙ አልፎ አልፎ ይሰማል።

ቀነ ገደቡ አልፎ ምንም ካልተደረገ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ። አጭር፣ የመጀመሪያውን ቀን የሚጠቅስ፣ አዲስ የሁለት ሳምንት ዝርዝር ያለው። ከእሱ ጋር ሁለቱም የሚያከብሩትን አንድ ሽማግሌ አስገቡ። የዕድር ዳኛ ወይም ሰፈር ውስጥ የቆዩ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። ከተቻለ ሌሎቹ የግቢው ተከራዮች አብረው ይፈርሙ። ሦስት ክፍል የፈረመበት ወረቀት የአንድ ሰው ብሶት አይደለም።

ወደ ወረዳ ወይም ወደ ፖሊስ መሄድ አከራይን ካለፉ በኋላ ያለ ደረጃ ነው። ዛቻ፣ ድብድብ ወይም ሌሊት የሚንኳኳ በር ካለ ግን ደብዳቤ አትጠብቁ፤ 991 ደውሉ። ለተራ ሙዚቃ ፖሊስ ሲመጣ ያን ሌሊት ጸጥ ይላል። በማግስቱ ግን ከዚያው ቧንቧ ነው የምትቀዱት።

መልቀቅ ግድ ከሆነ ደግሞ አዲሱን ክፍል ቀን ብቻ አይታችሁ አትዋዋሉ። ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ሂዱ፣ በተለይ ቅዳሜ። የጋራውን ግድግዳ በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ቺፑድ ወይም ስስ ነገር ነው። ኮርኒሱ ላይ የመፈተሻ ቀዳዳ ካለ በስልክ መብራት አጮልቁ። ግድግዳው ቆርቆሮው ድረስ መሄዱን ታያላችሁ። ካልሄደ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት እንዲደፈን ጠይቁ። ያኔ ነው አከራይ እሺ የሚለው።